ኢንሱሊን፣ ኬቶንና ፖታሲየም በአንድ ወረቀት ላይ

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ለነርሲንግ ተማሪዎችና በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ለሚሆኑ ነርሶች የተዘጋጀ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አጠገባችሁ አድርጉ። ወረቀቱን በአግድም አስቀምጡት። እኔ ስናገር እናንተ ትሥላላችሁ፤ ስንጨርስ ለጥናት ቡድናችሁ የሚሆን አንድ ገጽ ሃንድአውት በእጃችሁ ይኖራል።

ርእሳችን ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሁላችሁም ዲኬኤ የምትሉት። በስኳር ሕመም ላይ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ነው።

በጥናት ቡድኖች ውስጥ የሚዞሩት የዲኬኤ ጽሑፎች አብዛኞቹ በሦስት ዓምድ የተሠሩ ናቸው። በአንዱ የሕመሙ መነሻ፣ በሁለተኛው ምልክቶቹ፣ በሦስተኛው የነርስ ተግባር ይዘረዘራል። ለፈተና ይሸመደዳል፣ ያልፋል። ችግሩ የትኛው ተግባር የትኛውን ምልክት እንደሚመለከት፣ የትኛው ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ዓምዱ አይናገርም። «ኢንሱሊን ስጥ» እና «ፖታሲየም ለካ» በተከታታይ መስመር ተጽፈው እኩል ይመስላሉ። በታካሚው አልጋ ላይ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ቢሠራ ልብ ሊቆም ይችላል።

የጽንሰ ሐሳብ ካርታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይህን የአሣሣል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡ በሳጥን ውስጥ ይጻፋል፣ ሳጥኖቹ በቀስት ይያያዛሉ፣ በቀስቱም ላይ የሚያገናኝ ቃል ይሰፍራል። ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን ብላችሁ ስታነቡት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ቃል የሌለውን ቀስት አልቀበልም። አንድ ተማሪ በሁለት ሳጥኖች መካከል መስመር ስቦ ቃሉን መጻፍ ካቃተው፣ ግንኙነቱን ሸምድዶታል እንጂ አልተረዳውም ማለት ነው።

ለመሣያ የሚሆነን አንድ ታሪክ ላስቀምጥ። ለትምህርት ያዘጋጀሁት ታሪክ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ግን አዲስ አይሆንበትም። የ19 ዓመት ወጣት ናት፤ ክብደቷ 50 ኪሎ። የዓይነት አንድ ስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሳልና ትኩሳት ያዛት፤ የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ። «ምግብ ካልበላሁ መርፌው ምን ያደርግልኛል? እንዲያውም ስኳሬን ያወርደዋል» ብላ ለሁለት ቀን አቋረጠች። በሦስተኛው ቀን ማስመለስና የሆድ ሕመም ጀመራት። ቤተሰብ ጨጓራ ነው ብሎ ሲያቆያት ዋለ። ማታ ትንፋሿ ሲከብዳቸው ወደ ሆስፒታል አመጧት።

ስትደርስ ትንፋሿ በደቂቃ 32፣ ምቷ 124፣ ግፊቷ 95 በ60 ነው። ስትጠራ ትመልሳለች፤ ግን ትፈዛለች። በጣት ደም የተለካው ስኳር 468 ሚሊግራም በዴሲሊትር። በሽንት ኬቶን ሦስት ፕላስ። ከላቦራቶሪ በኋላ የመጣው ፒኤች 7.12፣ ባይካርቦኔት 9፣ ፖታሲየም 4.6።

አሁን ሣሉ። በወረቀቱ አናት መካከል ላይ «ኢንሱሊን የለም» ብላችሁ ሳጥን አድርጉ። ከእሱ በላይ ትንሽ ሳጥን፣ «ኢንፌክሽንና የተቋረጠ መርፌ»። ኢንፌክሽኑ እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ያበዛል፤ እነሱ ደግሞ የኢንሱሊንን ሥራ ይቃወማሉ። ስለዚህ ይህች ወጣት በታመመችበት ሰዓት ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ነበር የሚያስፈልጋት። ያቋረጠችው ይበልጥ በምትፈልግበት ጊዜ ነው።

ከ«ኢንሱሊን የለም» ሁለት መንገዶች ይወርዳሉ። የግራው የስኳር መንገድ፣ የቀኙ የስብ መንገድ ነው።

በግራ በኩል እንውረድ። ኢንሱሊን ከሌለ ግሉኮስ ወደ ጡንቻና ስብ ሴሎች እንደሚገባው አይገባም፤ ጉበትም በላዩ ላይ ተጨማሪ ስኳር ያመርታል። በደም ውስጥ የተከማቸው ስኳር ኩላሊት መልሶ ሊወስደው ከሚችለው በላይ ይሆንና ውሃውን እየጎተተ በሽንት ይወጣል። በዚህ ቀስት ላይ «ውሃ ይጎትታል» ብላችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው ሳጥን «የሰውነት ድርቀት» ነው። ምልክቶቹ ከዚህ ይንጠለጠላሉ፤ የደረቀ ምላስ፣ የፈጠነ ምት፣ የወረደ ግፊት። የእኛ ታካሚ 124 እና 95 በ60 የሚመጡት ከዚህ ነው።

እዚህ ጋ ነርስን የሚያሳስት ነገር አለ። በድርቀት የተጎዳ ሰው ሽንቱ ይቀንሳል ብለን ተምረናል። በዲኬኤ ግን ስኳሩ ከፍ እስካለ ድረስ ታካሚው ደርቆም ይሸናል። ስለዚህ የሽንት ከረጢቱ ሞልቶ ስታዩ «ፈሳሽ በቅቷታል» አትበሉ። ከሽንቱ ጋር ምቱን፣ ግፊቱንና የእጅ እግር ሙቀቱን አብራችሁ ተመልከቱ።

በቀይ እስክሪብቶ የመጀመሪያው የነርስ ተግባር ይገባል። የምታያይዙት ከ«ድርቀት» ሳጥን ጋር ነው፤ «ኖርማል ሳላይን»። ለዚህች ወጣት በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሊትር ገባላት፤ ከዚያ በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር። ልብ በሉ፣ ኢንሱሊን ገና አልጀመርንም። ፈሳሹ ብቻውን ስኳሩን ማውረድ ይጀምራል፤ የደም ዝውውሩም ይመለሳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ግን ይህ መጠን ይቀነሳል፤ ሐኪሙ ሳይወስን በዚህ ፍጥነት አታስገቡ።

ወደ ቀኙ መንገድ እንለፍ። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስብ ይፈርሳል። የፈረሰው ስብ ወደ ጉበት ይሄድና ኬቶን ይሆናል። ዋነኞቹ ኬቶኖች አሲድ ናቸው። የደሙ ባይካርቦኔት አሲዱን ሲያመክን ራሱ ያልቃል፤ የእኛ ታካሚ ባይካርቦኔት 9 የደረሰው ለዚህ ነው። ከዚያ «የደም አሲድ መብዛት» የሚል ሳጥን አድርጉ። ከእሱ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቀስት ላይ «በትንፋሽ ለማስወጣት ይገደዳል» ብላችሁ ጻፉ። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት በማስወጣት አሲዱን ለማቅለል ይሞክራል። ጥልቅና የማያቋርጥ ትንፋሽ ይሆናል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1874 በስኳር ሕመም ኮማ ውስጥ የገቡ ሰዎች ላይ ይህን አተነፋፈስ ገለጹት፤ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ታካሚው አየር ያጠረው ይመስላል፤ ነገር ግን የደም ኦክስጅኑን ብትለኩት ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ሳንባውን ብታዳምጡት ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። አስም ነው ብሎ የሚሳሳት ያለው ለዚህ ነው። የእኛ ታካሚ ሳል ስላላት ግን የሳንባ ምርመራዋ አይዘለልም።

ከኬቶኖቹ አንዱ አሴቶን ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ያው ነገር። ከታካሚው አፍ የሚመጣው ሽታ ከዚህ ነው። ሁሉም አፍንጫ አይለየውም፤ ስላልሸተታችሁ ዲኬኤ የለም አትበሉ። የሆድ ሕመሙና ማስመለሱም ከአሲዱ ሳጥን ይወርዳሉ። ቤተሰቡ ጨጓራ ያለው ይህንን ነበር።

በቀይ የሚገባው ተግባር፣ ትንፋሹን በየሰዓቱ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ጻፉ። ትንፋሹ ሲቀንስ ሁልጊዜ ደስ የሚል ዜና አይደለም። ከንቃት መመለስ ጋር አብሮ ከቀነሰ አሲዱ እየቀለለ ነው። ንቃቱ እየወረደ ትንፋሹም ከቀነሰ ግን ታካሚው ደክሟል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ ሐኪም ይጠራ። በዚህ ምክንያት ከትንፋሽ ሳጥን ሁለት ቀስቶች እንዲወጡ አድርጉ፤ አንዱ ወደ «ይሻላታል»፣ አንዱ ወደ «እየደከመች ነው»። የሚለያቸው ቃል «ንቃት» ነው።

አሁን የካርታውን ልብ እንሥራ። በወረቀቱ ታችኛው ክፍል መካከል ላይ፣ ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት፣ «ፖታሲየም» የሚል ትልቅ ሳጥን አድርጉ። ብዙዎቹ ሃንድአውቶች ይህን በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ኤሌክትሮላይት ይከታተሉ» በሚል ሁለት ቃል ያልፉታል። እኔ ከስኳሩ እኩል ቦታ እሰጠዋለሁ።

ፖታሲየም አብዛኛው የሚኖረው በሴል ውስጥ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ደሙም በስኳር ሲወፍርና አሲድ ሲበዛ፣ ፖታሲየሙ ከሴሉ ወደ ደም ይወጣል። ወደ ደም የወጣው ደግሞ ከስኳሩ ጋር በሽንት ይፈሳል፤ በማስመለስም ይሄዳል። ስለዚህ በደም ምርመራ 4.6 የሚል ቁጥር ሲመጣ ጎተራው ተራቁቶ በግቢ የተሰጣውን እህል እንደማየት ነው። ቁጥሩ ጤናማ ነው፤ ሰውነቱ ግን ባዶ ነው። በዲኬኤ የሚጎድለው ፖታሲየም በአዋቂ ሰው በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊሞል እንደሚደርስ ይገመታል። ለ50 ኪሎዋ ወጣት ከ150 እስከ 250 ሚሊሞል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጎድሎ ላቦራቶሪው «ኖርማል» ይላል።

ቀጥሎ ከእኛ እጅ የሚወጣ ቀስት ይመጣል። በቀይ «ኢንሱሊን» የሚል ሳጥን አድርጉ፤ ከእሱ ወደ «ፖታሲየም» አንድ ወፍራም ቀስት ሳቡና «ወደ ሴል ይመልሰዋል» ብላችሁ ጻፉበት። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ ፖታሲየሙንም አብሮ ያስገባል። የደሙ ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ከመጠን በላይ ከወረደ ጡንቻ ይደክማል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ሊቆምም ይችላል። ይህን ቀስት የፈጠረው ሕመሙ ሳይሆን ሕክምናው ነው። በሦስት ዓምድ ሃንድአውት ውስጥ ቦታ የሌለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ከኢንሱሊን በፊት የሚቆም በር በካርታው ላይ ሣሉ። በሩ ላይ 3.5 ብላችሁ ጻፉ። ፖታሲየሙ ከ3.5 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆነ ኢንሱሊኑ ይቆያል፤ በመጀመሪያ ፖታሲየም ተሰጥቶ ከዚያ ቁጥር በላይ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከ3.5 እስከ 5 ከሆነ ኢንሱሊን ይጀመራል፤ በሚሰጠው ፈሳሽ ውስጥ ግን ፖታሲየም ይጨመራል። ከ5 በላይ ከሆነ ኢንሱሊን ይጀመራል፤ ፖታሲየም ለጊዜው አይጨመርም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና ይለካል። በእጃችሁ ያለው አሮጌ ሃንድአውት 3.3 ሊል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ጽሑፍ እንደዚያ ነበር፤ በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት ወደ 3.5 አሳድጎታል።

ለእኛ ታካሚ 4.6 ስለሆነ መካከለኛው መንገድ ተከፈተ። ኢንሱሊን በኪሎ 0.1 ዩኒት በሰዓት፤ 50 በ0.1 ሲባዛ በሰዓት 5 ዩኒት። በደም ሥር የሚሰጠው ጥርት ያለው ሬጉላር ብቻ ነው፤ ደመናማው ኤንፒኤች በፍጹም በደም ሥር አይገባም። ፓምፕ ባለበት 50 ዩኒት በ50 ሚሊ ሊትር ሳላይን ከተበጠበጠ አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ዩኒት ይሆናል፤ ፓምፑን በሰዓት 5 ላይ ማድረግ ነው። ኢንሱሊን በላስቲክ ቱቦ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ከብጥብጡ 20 ሚሊ ሊትር ያህሉን በቱቦው አሳልፋችሁ ድፉት፤ ይህን ስታስቡ አስቀድማችሁ በቂ አዘጋጁ። ፓምፕ በሌለበት ክፍል ኢንሱሊኑ በየተወሰነ ሰዓት በመርፌ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ የሆስፒታላችሁን ፕሮቶኮል ተከተሉ።

ሁለተኛው ሊትር ሳላይን ከመሰቀሉ በፊት 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ተጨመረበት። ፈሳሹ በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር ስለሚሄድ በሰዓት 10 ሚሊሞል ገባላት ማለት ነው። ከመጨመራችሁ በፊት ሽንት መኖሩን አረጋግጡ፤ ኩላሊቱ ካልሠራ ፖታሲየሙ መውጫ የለውም። አምፑሉን ከረጢቱ ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ ከረጢቱን ደጋግማችሁ ገልብጡ፤ ካልተቀላቀለ ከታች ይቀመጥና ታካሚው መጀመሪያ ላይ ብዙውን አንዴ ይወስደዋል። የተሰቀለ ከረጢት ላይ አትጨምሩ። ያልተበረዘ ፖታሲየም በሲሪንጅ በደም ሥር መግፋት ሰው ይገድላል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሯ 340፣ ፖታሲየሟ 3.9 ሆነ። በአራተኛው ሰዓት ስኳሯ 226፣ ፖታሲየሟ 3.6። ፖታሲየም እየሰጠን እንኳ ወረደ። ባንሰጥ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ኢሲጂ ባለበት ክፍል ታካሚው ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ በሌለበት ምቱን በእጅ እየቆጠራችሁ መዛባቱን አዳምጡ፤ እግሯን እንድታነሣ ጠይቁና ድካሙን መዝግቡ።

በአራተኛው ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ላሳያችሁ። ስኳሩ 226 ሆኗል። አስታማሚዋ ደስ ብሏታል። ተረኛው ነርስም «ስኳሩ ወርዷልና ኢንሱሊኑን ላቁም» ይላል። ካርታችሁን ተመልከቱ። የወረደው የግራው መንገድ ነው። የቀኙስ? ባይካርቦኔቷ 12 ነው፤ ትንፋሿ 24። ኬቶኑ ገና አላለቀም። ስኳር ከኬቶን ቀድሞ ይወርዳል። ኢንሱሊኑን አሁን ካቆምን ስቡ እንደገና ይፈርሳል፤ ሌሊቱን አሲዱ ይመለሳል።

ይህ ልዩነት በኢንሱሊን ታሪክ መጀመሪያ ላይ ታይቷል። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋ ስኳሩ ጥቂት ቀነሰ፤ ኬቶኑ ግን አልተነቃነቀም፤ ሐኪሞቹም እንደ ስኬት አልቆጠሩትም። ጄምስ ኮሊፕ ያጠራው መድኃኒት በዚያው ወር ሲሰጠው ነው ስኳሩ በደንብ የወረደው፣ ኬቶኑም ከሽንቱ የጠፋው።

ስለዚህ ስኳሩ ከ250 በታች ሲሆን የምናደርገው ኢንሱሊኑን ማቆም አይደለም፤ ፈሳሹ ውስጥ 5 በመቶ ዴክስትሮስ እንዲገባ ማድረግ ነው። ኢንሱሊኑ በግማሽ ይቀንስና በኪሎ 0.05 ይሆናል፤ ለእሷ በሰዓት 2.5 ዩኒት። አስታማሚዋ «ስኳር ለታመመ ሰው ስኳር ይሰቀልለታል ወይ?» ብላ ብትቆጣ እውነት አላት፤ ለጆሮ ይከብዳል። «እናቴ፣ ይህ ስኳር ደሟ ውስጥ ያለው መርዝ እስኪጠፋ መርፌውን እንዳናቋርጥ የሚረዳን ነው» ብላችሁ አስረዷት። ይህን ግንኙነት በካርታችሁ ላይ «ኢንሱሊን እንዲቀጥል ያስችላል» በሚል ቀስት ሣሉት፤ ከዴክስትሮስ ወደ ኢንሱሊን።

ፒኤች መለኪያ በሌለበት ሆስፒታል ማሻሻሉን በምን እናያለን? ብዙዎቻችን የሽንት ኬቶን ስትሪፕ ላይ እንደገፋለን። ስትሪፑ የሚያነበው አሴቶአሴቴት የተባለውን ኬቶን ነው፤ በዲኬኤ የሚበዛው ግን ቤታ ሃይድሮክሲቡታይሬት ነው፤ እሱን አያነበውም። ታካሚው ሲሻለው ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ይቀየራል። ስለዚህ ታካሚው እየተሻለው ስትሪፑ እንደ ጠቆረ ሊቆይ፣ አልፎም ሊብስ ይችላል። ስትሪፑ ለምርመራ መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ለክትትል ግን ደካማ ነው። ከእሱ ይልቅ ትንፋሽ፣ ንቃት፣ ማስመለስ መቆሙና፣ ከተቻለ፣ ባይካርቦኔት ይበልጣሉ።

በ13ኛው ሰዓት ባይካርቦኔቷ 18፣ ፒኤች 7.32፣ ስኳሯ 180 ሆነ። ሾርባ ጠጣች። ኢንሱሊኑ ከደም ሥር ወደ ቆዳ ሥር የሚዛወረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግን ድንገት አይቆረጥም። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ከተወጋ በኋላ በደም ሥር የሚሄደው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቀጥላል። በደም ሥር የገባ ኢንሱሊን ከቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራው ስለሚያልቅ፣ ያኛው እስኪጀምር ባዶ ጊዜ ይፈጠራል። በወረቀታችሁ ላይ የደም ሥሩንና የቆዳ ሥሩን ኢንሱሊን በተደራረቡ ሁለት ሳጥኖች ሣሏቸው።

አድማጮቻችን፣ እዚህ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ለአዋቂ ሰው ናቸው። በሕፃናት ላይ ፈሳሹም ኢንሱሊኑም በሌላ ስሌት ነው የሚሄዱት፤ የአንጎል እብጠት አደጋ ስላለ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማብዛትና የምት መቀነስ ከታየ ወዲያው ሐኪም ይጠራል። ለእነሱ ሌላ ካርታ ሣሉ።

የቀረችው ከአናት ያለችው ትንሿ ሳጥን ናት፤ «ኢንፌክሽንና የተቋረጠ መርፌ»። አንቲባዮቲኩ ከዚያ ይያያዛል። ወጣቷ ከመውጣቷ በፊት የሚሰጠው ትምህርትም ከዚያው ነው። ሲታመሙ፣ ባይበሉም፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኢንሱሊን አይቋረጥም፤ መጠኑን ሐኪም ሊያስተካክለው ይችላል፤ ስኳሩ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካል፤ ማስመለስ ከጀመረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ይህን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ጨጓራ ነው ብሎ ላቆያት ቤተሰብም ንገሩ፤ እንዲደግሙላችሁም ጠይቁ።

ካርታውን በቡድናችሁ ስትሥሩ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከ«ፖታሲየም» ሳጥን አጠገብ ሰዓት ጻፉ፤ ከሰዓቱም አጠገብ ቀጣዩን ናሙና የሚወስደውን ተረኛ ነርስ ስም ጻፉ።